ምግብ ደረት ላይ ሲቆም፦ አካሌዥያ፣ የማኖሜትሪው ንባብና የሕክምናው ምርጫ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 41 ነው፤ የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ምግብ ደረቴ ላይ ይቆምብኛል፤ ውሃም ጭምር። ሁለት ጊዜ ኢንዶስኮፒ ተነሥቼ "ንጹሕ ነው፣ ጨጓራ ነው" ተብዬ ኦሜፕራዞል ስወስድ ቆየሁ፤ ምንም ለውጥ የለም። አሁን በባሪየም ራጅ አካሌዥያ ነው ተባልኩ። ሐኪሙ ማኖሜትሪ አዞልኝ፣ ከዚያ በፊኛ ማስፋት ወይም ኦፕራሲዮን አለ። ኢንዶስኮፒው ንጹሕ ከሆነ በሽታው የቱ ጋ ነው? ማኖሜትሪውስ ምን ይጨምራል? የቱን ሕክምና ልምረጥ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከኢንዶስኮፒው ልጀምር፤ ታካሚዎቼ አብዝተው ግራ የሚጋቡት እዚህ ላይ ነውና። ካሜራው የሚያየው የምግብ ቧንቧውን የውስጥ ገጽ ነው፤ ቁስል፣ ጠባሳ ወይም ዕጢ ካለ ያሳያል። የእርስዎ ሕመም ግን ያለው ከገጹ ሥር፣ በሁለቱ የጡንቻ ንብርብሮች መካከል በተዘረጋው የነርቭ መረብ ውስጥ ነው፤ እዚያ ደግሞ ካሜራው አይደርስም። ስለዚህ "ንጹሕ ነው" የሚለው ቃል ስሕተት አልነበረም፤ ስሕተቱ ከዚያ ተነሥቶ "እንግዲያው ጨጓራ ነው" ማለቱ ነው። በሽታው ሲቆይና ቧንቧው ሲሰፋ ግን ኢንዶስኮፒም ፍንጭ ይሰጣል። ታካሚው ጾሞ መጥቶም ቧንቧው ውስጥ ምራቅና የትናንት እህል ተጠራቅሞ ይገኛል፤ ካሜራው ወደ ጨጓራ ሲገባም ትንሽ ካልገፉት አያልፍም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ግን እነዚህ ምልክቶች ላይታዩ ይችላሉ።

የምግብ ቧንቧ በአዋቂ ሰው 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የጡንቻ ቱቦ ነው፤ ምግብ የሚያወርደውም ሁለት ሥራዎችን አቀናጅቶ ነው። ስንውጥ ከላይ የጀመረው መጨማደድ እንደ ሞገድ ወደ ታች እየወረደ ጉርሻውን ይገፋል፤ በዚያው ጊዜ በጨጓራው መግቢያ ላይ ሁልጊዜ ተጨብጦ የሚኖረው የቀለበት ጡንቻ ይላላና መንገድ ይለቃል። ቀለበቱን ጨብጦ የሚያቆየው በአሴቲልኮሊን የሚሠራው የነርቭ ወገን ሲሆን፣ እንዲላላ የሚያዘው ደግሞ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚያመነጨው ወገን ነው። በአካሌዥያ የሚያልቁት በዋናነት የማላላት ትእዛዝ የሚሰጡት ነርቮች ናቸው። ሌሎቹ በአብዛኛው በቦታቸው ስለሚቆዩ ቀለበቱ እንደተጨበጠ ይቀራል፤ ስንውጥም አይሰማም።

ነገሩ በቀለበቱ ብቻ አያበቃም። ሞገዱ ተራውን ጠብቆ የሚወርደው እነዚሁ የማላላት ነርቮች የታችኛውን ክፍል "ቆይ፣ ተራህ አልደረሰም" እያሉ ስለሚያዘገዩት ነው። ይህ ማዘግየት ሲጠፋ ቧንቧው ወይ ያለ ጊዜው በአንድነት ይጨማደዳል፣ ወይም ቀስ በቀስ ኃይሉን አጥቶ እንደ ከረጢት ይሰፋል። እንግዲህ ምግብ ወደ ጨጓራ የሚገባው የሚገፋው ኖሮ ሳይሆን፣ በላይ በላዩ ተከምሮ በገዛ ክብደቱ ቀለበቱን ሲያስከፍት ነው። ታካሚዎች ማንም ሳያስተምራቸው የሚያገኙት ዘዴም ከዚህ የመጣ ነው፦ ጥቂት ጎርሰው ውሃ ያስከትላሉ፣ ይነሣሉ፣ ትከሻቸውን ወደ ኋላ ስበው ደረታቸውን ይነፋሉ፣ ከዚያ "ወረደ" ይላሉ። ማዕድ ላይ ጉርሻ ሲዘረጋላቸው የሚሸሹትም በኩራት አይደለም፤ ሰው የጠቀለለው ጉርሻ እነሱ ከለመዱት ስለሚበልጥ ነው።

ነርቮቹን ምን እንደሚያጠፋቸው ሲጠየቅ፣ በሰፊው የሚታመነው የሰውነት የመከላከያ ኃይል በስሕተት ያጠቃቸዋል የሚለው ነው። በላቲን አሜሪካ ቻጋስ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስያን የሚያመጣው በሽታ ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል፤ ያ በሽታ በእኛ አገር የለም። በርበሬም፣ ቡናም፣ ጾምም፣ ጭንቀትም አላመጡብዎትም።

ውሃም እንደሚቆምብዎት መጻፍዎ ትልቅ ነገር ነው። ዕጢ ወይም ጠባሳ ቧንቧውን ሲያጠብ መጀመሪያ የሚያስቸግረው ሥጋና ዳቦ ነው፤ ፈሳሽ የሚቸግረው መጥበቡ እየባሰ ሲሄድ ነው። በአካሌዥያ ግን ችግሩ የቀዳዳ ስፋት ሳይሆን የትእዛዝ መጥፋት ስለሆነ፣ ፈሳሹም ጠጣሩም ገና ከጅምሩ አብረው ያስቸግራሉ። ይህን አንድ ጥያቄ በደንብ መጠየቅ ብዙ ወራትን ያተርፋል። ደረት ላይ የሚሰማው ማቃጠልም ቃር ይመስላል፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጨጓራ የወጣ አሲድ ሳይሆን ቧንቧው ውስጥ የተኛው ምግብ ሲብላላ የሚያመጣው ነው። ኦሜፕራዞል የሚቀንሰው የጨጓራን አሲድ ስለሆነ ለዚህ መልስ አይሆንም።

ወደ ማኖሜትሪው ልምጣ። በአፍንጫ የሚገባ፣ ከእስክሪብቶ የቀጠነ ቱቦ ነው፤ በዘመናዊው መሣሪያ በየአንድ ሳንቲ ሜትሩ የግፊት መለኪያ አለበት፤ በብዛት የሚሠራበት ቱቦ 36 መለኪያዎች አሉት። አፍንጫዎ በማደንዘዣ ጄል ይለሰልሳል፤ ቱቦው ሲገባ በትንሽ በትንሹ ውሃ እየዋጡ ያግዛሉ። ከጉሮሮ ሲያልፍ ለጥቂት ሰከንዶች ያቅለሸልሻል፤ ከዚያ ይለመዳል። በአካሌዥያ ታካሚ ላይ ቱቦው ከቀለበቱ በላይ ተጠቅልሎ ሊቀር ስለሚችል አንዳንድ ጊዜ በኢንዶስኮፒ እየታየ ይገባል። ቀጥሎ በጀርባ ተኝተው 5 ሚሊ ሊትር ውሃ አሥር ጊዜ ይውጣሉ፤ ተቀምጠውም ጥቂት ይደግማሉ። ሁሉም በግማሽ ሰዓት ገደማ ያልቃል። አስቀድመው ግን የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይንገሩ። በተለይ ትራማዶልና መሰል ማስታገሻዎች ራሳቸው አካሌዥያን የሚመስል ንባብ ይፈጥራሉ፤ የደም ግፊት መድኃኒት የሆነው ኒፊዲፒን ደግሞ በተቃራኒው ግፊቱን ዝቅ አድርጎ ያሳያል። የትኛውን መቼ እንደሚያቆሙ የሚወስነው ያዘዘልዎት ሐኪም ነው።

በስክሪኑ ላይ ሰዓቱ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ የቧንቧው ርዝመት ከላይ ወደ ታች ይዘረጋል፣ ግፊቱ በቀለም ይታያል፤ ሰማያዊ ዝቅተኛ፣ ቀይ ከፍተኛ ነው። በጤናማ ሰው አንድ ውጠት ከላይ ወደ ታች ያዘነበለ ባለቀለም ጥምዝ ይሠራል፤ ሥር ያለው የቀለበቱ መስመርም ወዲያው ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። በአካሌዥያ የቀለበቱ መስመር ሳይበርድ ይቀጥላል፤ ጥምዙም የለም። ቀለበቱ ምን ያህል እንደላላ በአንድ ቁጥር ይገለጻል፤ ይህም ከውጠቱ በኋላ ባሉት 10 ሰከንዶች ውስጥ ቀለበቱ እጅግ በላላባቸው 4 ሰከንዶች የነበረው አማካይ ግፊት ነው። በሪፖርቱ ላይ IRP ተብሎ ይጻፋል። በብዙዎቹ መሣሪያዎች ተኝቶ ሲለካ ከ15 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ካለፈ አልላላም ይባላል፤ አንዳንድ መሣሪያዎች ግን ሌላ ወሰን ስላላቸው ቁጥሩን ከመሣሪያው ስም ጋር ያንብቡት።

ማኖሜትሪው አካሌዥያ መሆኑን ከማረጋገጥ በላይ የሚጨምረው ዓይነቱን መለየት ነው። በመጀመሪያው ዓይነት ከቀለበቱ በላይ ያለው ቧንቧ ጭል የሚል እንቅስቃሴ የለውም፤ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። በሁለተኛው ዓይነት ሞገድ የለም፤ ነገር ግን በውጠቱ ጊዜ ቧንቧው በሙሉ ከላይ እስከ ታች እኩል ይወጠራል፤ ስክሪኑ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ወጥ ዓምድ ይታያል። ውሃ የሞላ ጎማ ከየትም ቢጫኑት ግፊቱ ሁሉ ቦታ እኩል እንደሚደርስ ማለት ነው። በሦስተኛው ዓይነት የታችኛው ክፍል ተራውን ሳይጠብቅ፣ ከ4.5 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ በኃይል ይጨበጣል፤ እነዚህ ታካሚዎች ብዙ ጊዜ ብርቱ የደረት ሕመም አለባቸው። ለሕክምና ከሁሉ ይበልጥ የሚመቸው ሁለተኛው ነው፤ የሚያስቸግረው ሦስተኛው ነው። ምክንያቱም በሦስተኛው ዓይነት የታመመው ቀለበቱ ብቻ ሳይሆን ከርሱ በላይ ያለው የጡንቻ ርዝመት ጭምር ስለሆነ፣ ቀለበቱን ብቻ የሚያሰፋ ሕክምና ግማሹን ችግር ይተወዋል።

ፒያሳ አቅራቢያ ሱቅ ያለውን የ39 ዓመት ታካሚዬን ላምጣ። ክብደቱ ከ67 ኪሎ ወደ 55 ወርዶ ነበር። ምግብ በየማዕዱ ይቆምበታል፣ በየቀኑ ወደ አፉ ይመለስበታል፣ አልፎ አልፎ ደረቱን ያመዋል። ሚስቱ የነገረችኝ ግን ከዚያ ሁሉ ይበልጥ ጠቀመኝ፦ ጠዋት ትራሱ ላይ ማታ የበላው የምስር ወጥ ቀለም ይገኛል፣ ሌሊት ደግሞ ያስለዋል። ለዚህ በሽታ የምንጠቀምበት የነጥብ አሰጣጥ ኤካርት ይባላል። ክብደት መቀነስ፣ የመዋጥ ችግር፣ መመለስና የደረት ሕመም እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 3 ይሰጣቸዋል። የእርሱ ድምር 9 ከ12 ሆነ፤ ከ3 በላይ ከሆነ በሽታው አልተገታም ማለት ነው። በማኖሜትሪው የቀለበቱ ግፊት 31 ሲሆን፣ ከአሥሩ ውጠቶች በስምንቱ ቀጥ ያለው ዓምድ ታየ፤ ሁለተኛው ዓይነት ነው። ባሪየም አጠጥተን ቆሞ ራጅ ስናነሣው ከ1 ደቂቃ በኋላ 14 ሳንቲ ሜትር፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ 11 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ፈሳሽ ቧንቧው ውስጥ ቆሞ ነበር።

በፊኛ ለማስፋት ተስማማን። በኢንዶስኮፒና በራጅ እየታየ ፊኛው ቀለበቱ መሐል ይቀመጣል፤ ሲነፋም የቀለበቱን የጡንቻ ጭረቶች ይበጥሳል። መንገዱን የሚከፍተው ይህ መበጠስ ነው እንጂ ለጊዜው መለጠጡ አይደለም። በ30 ሚሊ ሜትር ፊኛ ጀመርን። ከሳምንት በኋላ ደስ ብሎት "ዶክተር፣ ድኛለሁ፤ ጥብስ በላሁ" ብሎ ደወለ። ባሪየሙን ስንደግም ግን ከ5 ደቂቃ በኋላ ገና 8 ሳንቲ ሜትር ቆሟል። በስሜቱ ብቻ ተመርተን ብንለቀው ኖሮ ቧንቧው ቀስ በቀስ እየሰፋ በሄደ ነበር፤ ሰው ለዓመታት ከችግር ጋር ሲኖር ጥቂት መሻሻል እንኳ ሙሉ ጤና ይመስለዋልና። ከአራት ሳምንት በኋላ በ35 ሚሊ ሜትር ደገምነው። ከዚያ በኋላ ከ5 ደቂቃ በኋላ የቀረው 2 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ የኤካርት ድምሩም 2 ሆነ፤ በስድስት ወር 8 ኪሎ ጨመረ። እርስዎም ከማንኛውም ሕክምና በኋላ "እንዴት ነው?" ከሚለው ጥያቄ ጋር ባሪየሙም እንዲደገምልዎት ይጠይቁ።

ስለ ምርጫው ያለኝን ሐሳብ ልንገርዎ። ናይትሬትና ኒፊዲፒን ቀለበቱን በጥቂቱ ያላላሉ፤ ግን ሥራቸው አጭር ነው፤ ራስ ምታትና የደም ግፊት መውረድ ስለሚያመጡም ለእርስዎ ዕድሜ ሕክምና ብዬ አላቀርባቸውም። በኢንዶስኮፒ ወደ ቀለበቱ የሚወጋው ቦቱሊነም መርፌ ለብዙዎች ይሠራል፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ውስጥ ኃይሉ ያልቃል። እኔ የምመርጠው ዕድሜያቸው ለገፋና ማደንዘዣ ለማይችሉ ሰዎች ነው። በ41 ዓመትዎ የሚያስቡባቸው ሦስት ናቸው፦ ፊኛው፣ በሆድ በኩል ተገብቶ ቀለበቱን የሚሰነጥቀው የሄለር ኦፕራሲዮን፣ እና በአፍ በሚገባ ኢንዶስኮፕ በቧንቧው ግድግዳ ውስጥ መንገድ ተከፍቶ ጡንቻው የሚቆረጥበት ፖኤም። ሄለርን የጀመሩት ጀርመናዊው ኤርንስት ሄለር በ1913 ነው፤ ፖኤምን በሰው ላይ የጀመሩት ጃፓናዊው ሐኪም ሃሩሂሮ ኢኖዌ ናቸው፤ በ2008። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በአውሮፓ በተደረገና በ2011 በታተመ ጥናት፣ ፊኛውን አስፈላጊ ሲሆን እየደጋገሙ ያሰፉላቸው ታካሚዎች በሁለት ዓመት ውስጥ 86 በመቶ፣ ሄለር የተሠራላቸው ደግሞ 90 በመቶ ያህል ተሳክቶላቸው ነበር፤ ልዩነቱ ትርጉም ያለው ሆኖ አልተገኘም። በ2019 የታተመ ሌላ ጥናትም ፖኤምና ሄለር በመዋጥ በኩል እኩል መሆናቸውን አሳየ፤ ግን ከፖኤም በኋላ ከጨጓራ በሚመለስ አሲድ የሚመጣ የቧንቧ መቆጣት በብዙ ታካሚዎች ላይ ታየ። ሄለር ሲሠራ የጨጓራው ጫፍ እየታጠፈ በአሲዱ ላይ መከታ ይሰፋለታል፤ ፖኤም ይህ የለውም። ስለዚህ የእኔ አስተያየት የሚከተለው ነው፦ ማኖሜትሪው አንደኛ ወይም ሁለተኛ ዓይነት ካለ፣ ሦስቱም ትክክለኛ መንገዶች ናቸው፤ የሚወስነው በአቅራቢያዎ ያለው ባለሙያ የትኛውን በእጁ አዘውትሮ እንደሚሠራ ነው። በዓመት አንዴ የሚሠራውን ሰው ሳይሆን በየጊዜው የሚሠራውን ይምረጡ፤ "ስንት ሠርተዋል? ቧንቧ የተቀደደበት ነበረ? ያኔ ምን አደረጉ?" ብለው መጠየቅ መብትዎ ነው። ሦስተኛው ዓይነት ከሆነ ግን መቆረጥ ያለበት የጡንቻ ርዝመት በማኖሜትሪው ንባብ ስለሚወሰን ፖኤም ይበልጣል። በቅርብ ካልተገኘ እንኳ ሳይጠይቁ ወደ ፊኛው አይሂዱ።

የፊኛው ትልቁ አደጋ የቧንቧው መቀደድ ነው፤ ከመቶ ታካሚዎች በጥቂቶች ላይ ይደርሳል። ከሕክምናው በኋላ ደረት ጥቂት ማመሙ ያለ ነው። ነገር ግን ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ እየባሰ ከሄደ፣ ትኩሳት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ፣ አንገት ላይ ቆዳው ሲነኩት እንደ ደረቅ ቅጠል ከተንኮሻኮሸ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱና "ዛሬ የምግብ ቧንቧዬ በፊኛ ሰፍቷል" ብለው በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይንገሩ። በሰዓታት ውስጥ የተገኘ ቀዳዳ ይታከማል፤ የዘገየው ግን ሕይወት ይፈታተናል።

አንድ ነገር ከማኖሜትሪው በፊት እንዲረጋገጥ እፈልጋለሁ። በጨጓራው መግቢያ ላይ የበቀለ ካንሰር አንዳንድ ጊዜ ባሪየሙንም ማኖሜትሪውንም አካሌዥያ ያስመስላቸዋል። ዕድሜያቸው ከ55 ባለፈ፣ ችግሩ ከጀመራቸው ዓመት ባልሞላቸውና ክብደታቸው በፍጥነት በወረደ ሰዎች ላይ በተለይ እንጠረጥረዋለን። የእርስዎ ዕድሜና የሁለት ዓመቱ ታሪክ ወደዚያ አያመለክቱም፤ ቢሆንም የኢንዶስኮፒውን ሪፖርት ሲያዩ ካሜራው ጨጓራ ውስጥ ገብቶ፣ ወደ ኋላ ዞሮ መግቢያውን አይቶት እንደሆነ ይጠይቁ። ካልታየ መደገም አለበት፤ ጥርጣሬ ካለ ሲቲ ስካን ይታከልበታል።

የማኖሜትሪው ቀጠሮ ቢዘገይ ወይም ባይገኝ ሕክምናው ሙሉ በሙሉ አይቆምም። ጠባብ ጫፉ የወፍ ምንቃር የመሰለ፣ በላዩ የሰፋ ቧንቧ በባሪየም ከታየና ኢንዶስኮፒው ዕጢ የለም ካለ፣ ብዙ ሐኪሞች ይህን በቂ አድርገው ያክማሉ። የሚጎድልብዎት ዓይነቱን ማወቁ ነው፤ ስለዚህ ብርቱ የደረት ሕመም ካለብዎት፣ ወይም በባሪየሙ ላይ ቧንቧው እንደ ጠመዝማዛ ገመድ ከታየ ማኖሜትሪውን መጠበቅ ይሻላል።

እስከዚያው ምግብዎን በወጥ ያረስርሱ፣ በጥቂት በጥቂቱ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ይብሉ፤ ቆሎና ደረቅ ዳቦ ይቅርብዎት። ከተመገቡ በኋላ ቢያንስ ሦስት ሰዓት አይተኙ፤ አልጋዎንም ከራስጌው በኩል ከፍ ያድርጉት። ጿሚ ከሆኑ ዋናውን ማዕድ ወደ ሌሊት አያቅርቡት፤ ቀኑን ሙሉ የዘገየ ትልቅ ምግብ በልቶ መተኛት ወደ ሳንባ የመግባት ዕድሉን ያበዛል። ሌሊት የሚመጣ ሳልና ትንታ ካለ ለሐኪምዎ ሳይነግሩ አይለፉ፤ የሳንባ ምች የሚጀምረው እንዲህ ነው። ከኢንዶስኮፒና ከማደንዘዣ በፊት "ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ አትብሉ" የሚለው ትእዛዝ ለእርስዎ አይበቃም። ቧንቧው ባዶ እንዲሆን ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን ቀደም ብለው በጠራ ፈሳሽ ብቻ ይቆዩ፤ ማደንዘዣ ለሚሰጥዎት ባለሙያም አካሌዥያ እንዳለብዎት ራስዎ ይንገሩት።

ማንኛውም ሕክምና የጠፉትን ነርቮች አይመልስም፤ የሚከፍተው ቀለበቱን ነው፤ ሞገዱ አይመለስም። ሕክምናው ተሳክቶም ቀጥ ብሎ መብላትና በየመሐሉ ውሃ መጎንጨት አብሮዎት ይቆያል። በጨጓራ አሲድ ላይ የነበረው መዝጊያ ስለተከፈተ ደግሞ፣ ያኔ ያልጠቀመዎት ኦሜፕራዞል አሁን በትክክለኛ ቦታው ሊታዘዝልዎት ይችላል። መጀመሪያ በየዓመቱ፣ ሁኔታዎ ሲረጋጋ ረዘም ባለ ጊዜ ይታዩ፤ መዋጥ ወደ ቀድሞው ቢመለስ ፊኛውም ኦፕራሲዮኑም ሊደገም ይችላል፤ ከአንዱ በኋላ ሌላውን ማድረግም አይከለከልም።